«የቱ ጋ ነው የተሸነፍነው?» የትምህርት ቤት ክርክር እንዴት ይዳኛል

የመጀመሪያውን የትምህርት ቤት ክርክር የዳኘሁ ቀን፣ ውጤቱ ከተነገረ በኋላ አንዲት የ10ኛ ክፍል ተማሪ ወደ ጠረጴዛዬ መጣች። አልተቆጣችም። ደብተሯን ከፍታ፣ እስክሪብቶዋን ይዛ «ቲቸር፣ የቱ ጋ ነው የተሸነፍነው?» አለችኝ። ወረቀቴን አየሁ። ቁጥር ብቻ ነው ያለበት። «በአጠቃላይ እነሱ ትንሽ ይሻላሉ» አልኳት። ልጅቷ የምትጽፈው ስታጣ ደብተሯን ዘጋችው። ያ ደብተር ሲዘጋ ዛሬም ይታየኛል።

ከዚያ በኋላ ብዙ ክርክር ዳኝቻለሁ። ወረቀት አያያዜን የለወጠው የዚያች ልጅ ጥያቄ ነው። የምጽፈው ለመምህራን፣ ለክበብ ተጠሪዎች፣ እንዲሁም «ነገ ዳኛ ሁንልን» ተብለው በድንገት ለሚጠሩ ሁሉ ነው። ነገሩ ግልጽ እንዲሆን በኋላ ከዳኘኋቸው አንዱን ክርክር እንደ ምሳሌ ይዤ እሄዳለሁ። ርዕሱ «የመንግሥት ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች የፈረቃ ትምህርትን ትተው ሙሉ ቀን ያስተምሩ» የሚል ነው። በየቡድኑ ሦስት ተናጋሪ አለ። እያንዳንዱ 5 ደቂቃ አለው። ደጋፊና ተቃዋሚ እየተፈራረቁ ይናገራሉ፤ ሦስተኛዎቹ ተናጋሪዎች መልስ ይሰጣሉ፣ ያጠቃልላሉ እንጂ አዲስ ነጥብ አያነሱም።

በርዕስ ምርጫ ላይ አስተያየት ከተጠየቃችሁ ደግሞ አንድ ነገር ተናገሩ። «ከእሳትና ከውኃ ማን ይበልጣል?» ዓይነቱን ሁላችንም ያደግንበት ነው፣ እኔም እወደዋለሁ። ለዳኛ ግን መከራ ነው። የሚመዘን ውጤት ስለሌለው መጨረሻ ላይ የሚዳኘው አነጋገር ብቻ ይሆናል። «ይህ ይደረግ» ወይም «ይህ ይቅር» የሚል ርዕስ ይሻላል፤ ቢደረግ ምን እንደሚመጣ መጠየቅ ይቻላልና።

ከመጀመሩ በፊት የሚያልቁ ነገሮች

ዳኞች ሦስት ወይም አምስት ይሁኑ፣ ድምፅ እኩል እንዳይከፈል። የአንዱ ቡድን የክፍል ኃላፊ መምህር ዳኛ አይሁን። ልጆቹን የቱንም ያህል በእኩል ዓይን ቢያይ፣ የተሸነፈው ቡድን አያምነውም።

ቀጥሎ፣ የራሳችሁን አቋም ጻፉት። የምሬን ነው። ቁራጭ ወረቀት ላይ «እኔ ፈረቃ ቢቀር ደስ ይለኛል፣ ምክንያቱም...» ብላችሁ ጻፉና አጥፋችሁ ኪሳችሁ ክተቱት። ሰው ከራሱ ሐሳብ ጋር የሚስማማውን ነጥብ ሲሰማ «ልክ ነው» ብሎ ያልፋል፣ የማይስማማውን ሲሰማ ግን «ማስረጃህ የታለ?» ይላል። ይህን የምታደርጉት ሳይታወቃችሁ ነው። አቋማችሁን ቀድማችሁ ካወቃችሁት፣ ለምትስማሙበት ወገንም ያንኑ «ማስረጃህ የታለ?» መጠየቅ ትችላላችሁ።

ነጥቡን ከሌሎቹ ዳኞች ጋር ተስማሙበትና ለሁለቱም ቡድን ከክርክሩ በፊት ንገሯቸው። እኔ የምጠቀመው ለመከራከሪያ ነጥቦች 40፣ ለአጸፋ 35፣ ለቡድን ሥራ 25 ነው። በዓለም አቀፉ የትምህርት ቤቶች የክርክር ሻምፒዮና ይዘት 40፣ አቀራረብ 40፣ ስልት 20 ነው የሚያዘው። እኔ አቀራረብን ለብቻው ነጥብ የማልሰጠው አውቄ ነው። አገራችን የበላ ልበልሃ አገር ናት። ድሮ ተሟጋቹ በአደባባይ ቆሞ በግጥምና በዘይቤ እያዋዛ ነበር የሚሟገተው። ለአንደበት ያለን ፍቅር ከሩቅ የመጣ ነው፣ አዳራሹ ውስጥም ሲያጨበጭብ ትሰሙታላችሁ። ለአነጋገር 40 ነጥብ ከተያዘ፣ ከእኛ ተማሪዎች መካከል ዓይን አፋር የሆነው ግን ያሰበበት ልጅ ገና ሳይነሳ ተሸንፏል። ጥሩ አነጋገር ነጥቡን ይበልጥ እንዲገባን ካደረገ ግን በመከራከሪያው ነጥብ ውስጥ ዋጋውን ያገኛል።

ሰዓት ያዥ ይኑር። 4ኛው ደቂቃ ላይ አንድ ደወል፣ 5ኛው ላይ ሁለት ደወል። 5 ደቂቃ ከ20 ሴኮንድ ሲሆን እኔ እስክሪብቶዬን ጠረጴዛ ላይ አስቀምጣለሁ። ይህን እንደማደርግም ቀድሜ ለልጆቹ እነግራቸዋለሁ። ተናጋሪውን ማቋረጥ፣ ማሳፈር አያስፈልግም። እስክሪብቶው ሲቀመጥ ያየዋል፣ ይቀመጣል።

ወረቀቱ

ዋናው ሥራ ይሄ ነው። ሁለት A4 ወረቀት ጎን ለጎን አያይዙ፣ ወይም የደብተር መሐል ገጽ ክፈቱ። ስድስት ዓምድ አስምሩ፣ ለስድስቱ ተናጋሪዎች በሚናገሩበት ቅደም ተከተል፦ ደጋፊ 1፣ ተቃዋሚ 1፣ ደጋፊ 2 እያላችሁ። ደጋፊውን በሰማያዊ፣ ተቃዋሚውን በቀይ ጻፉ።

የሚጻፈው ሙሉ ዓረፍተ ነገር አይደለም። አንድ ነጥብ፣ አንድ መስመር። ለምሳሌ የመጀመሪያዋ ተቃዋሚ ተነስታ «የእኛ ትምህርት ቤት 24 መማሪያ ክፍል አለው፤ በየፈረቃው በአንድ ክፍል 45 ተማሪ ይቀመጣል፤ ሁለቱ ፈረቃ አንድ ላይ ሲመጣ እዚያው ክፍል ውስጥ 90 ይሆናል፣ የቤንቹ ቁጥር ደግሞ ያው ነው» ብትል፣ ወረቀቴ ላይ «24 ክፍል፣ 45→90፣ ቤንች ያው» ብዬ ብቻ እጽፋለሁ። ከሥሩ ሦስት ጣት ያህል ባዶ ቦታ እተዋለሁ።

ያ ባዶ ቦታ ትልቅ ሥራ አለው። ሌላው ቡድን ለዚህ ነጥብ መልስ ሲሰጥ፣ መልሱን በራሱ ዓምድ ውስጥ በዚያው ቁመት ላይ እጽፍና ከነጥቡ ወደ መልሱ ቀስት እስባለሁ። መልስ ካልመጣ ቀስት የለም። ክርክሩ ሲያልቅ ወረቀቱን ቀና አድርጋችሁ ስታዩት፣ ቀስት የሌላቸው ነጥቦች ራሳቸው ይጮኻሉ። የዚያን ቀን ልጅቷ ስትጠይቀኝ የጎደለኝ ይሄው ነበር።

እዚህ ላይ የሚመጣውን ፈተና ልንገራችሁ፣ መምህራን በተለይ ትወድቁበታላችሁ። አንድ ልጅ ደካማ ነጥብ ሲያነሳ መልሱ በጭንቅላታችሁ ይመጣል። «ይሄማ ውሸት ነው፣ እንዲህ እኮ ነው!» ትላላችሁ በልባችሁ። ከዚያ ሌላው ቡድን ምንም ሳይል እናንተው ነጥቡን ትሰርዙታላችሁ። ይህ ሦስት ልጆች ከሦስት ልጆችና ከአንድ መምህር ጋር እንዲከራከሩ ማድረግ ነው። ተቃዋሚው ካልመለሰው ነጥቡ ይቆማል። ግልጽ የሆነ የሐቅ ስህተት ከሆነ፣ ማንኛውም ጋዜጣ የሚያነብ ሰው ስህተት መሆኑን የሚያውቀው ነገር ከሆነ ክብደቱን ልትቀንሱ ትችላላችሁ። ከዚያ ያለፈውን እውቀታችሁን ግን ለማብራሪያው ሰዓት አቆዩት። የተገላቢጦሹም ያው ነው፤ ልጁ ሊል የፈለገው ገብቷችሁ እሱ ግን ካላለው፣ አትጻፉለት።

መከራከሪያውን መመዘን

ለእያንዳንዱ ነጥብ ሦስት ጥያቄ እጠይቃለሁ። ምን አለ? ለምን እውነት ይሆናል? እውነት ቢሆንስ ለርዕሱ ምን ያመጣል? አብዛኛው ተማሪ የመጀመሪያውን ይመልሳል፣ ሁለተኛው ላይ ይንተባተባል፣ ሦስተኛውን ይረሳል።

የደጋፊው የመጀመሪያ ተናጋሪ «ፈረቃ የትምህርት ጥራትን ይጎዳል» አለ እንበል። ይህ ገና አባባል ነው። ቀጥሎ «ፈረቃ ስላለ የሚቀጥለው ፈረቃ በር ላይ ቆሞ ይጠብቃል፤ ከክፍለ ጊዜ ውጪ ላብራቶሪም ቤተ መጻሕፍትም መግባት አንችልም፤ የኬሚስትሪን ሙከራ በሰሌዳ ላይ በሥዕል ነው የምንማረው» ካለ ምክንያት ሰጠ፣ አዳራሹ ውስጥ ያለ ተማሪ ሁሉም የሚያውቀውን ማስረጃም ጨመረ። «ሙሉ ቀን ቢሆን ከሰዓት በኋላውን ለሙከራ መመደብ ይቻላል» ሲል ደግሞ ከርዕሱ ጋር አሰረው። ሦስቱም ተመለሱ። ይህ ጠንካራ ነጥብ ነው።

ማስረጃ ስንል ቁጥር ብቻ ማለት አይደለም። እንዲያውም ከየት እንደመጣ የማይታወቅ ቁጥር ይጠንቀቃችሁ። «ጥናቶች እንደሚያሳዩት 87 በመቶ ተማሪዎች...» የሚል ልጅ ከገጠማችሁ፣ «የማን ጥናት?» የሚለውን እናንተ ሳትሆኑ ሌላው ቡድን እንዲጠይቅ ጠብቁ። ከጠየቀና መልስ ካጣ ነጥቡ ወደቀ። ካልጠየቀ፣ ቁጥሩን ምንጭ እንደሌለው ተራ አባባል ቁጠሩት። የራስን ትምህርት ቤት ክፍልና ቤንች ቆጥሮ የመጣ ልጅ ከዚያ በብዙ ይበልጣል።

የነጥብ ብዛት አያታላችሁ። አምስት ነጥብ በአባባል ደረጃ የደረደረ ቡድን፣ ሁለት ነጥብ እስከ ሥሩ ቆፍሮ ካመጣ ቡድን አይበልጥም።

አጸፋው

ብዙ ዳኛ አጸፋን ከድፍረት ጋር ያምታታዋል። ድምፁን ከፍ አድርጎ፣ በጣቱ እየጠቆመ «ተቃዋሚዎቻችን ተሳስተዋል!» ያለው ልጅ መልስ የሰጠ ይመስለናል። ወረቀቱን እዩ። ቀስት የሚሳብበት ነገር ካልተናገረ መልስ አልሰጠም።

እኔ የማያቸው መልሶች ከደካማው ወደ ጠንካራው እንዲህ ናቸው። ዝቅተኛው፣ በባዶ መካድ ነው። «መንግሥት ክፍል ይሠራል» ዓይነቱ። ማን፣ መቼ፣ በምን የሚል የለበትም፤ የ90ውን ቁጥር አይነካውም። ከዚያ የሚሻለው የምክንያቱን ቀዳዳ ማሳየት ነው። ደጋፊው «ፈረቃ ልጆችን ግማሽ ቀን ሥራ ፈት አድርጎ መንገድ ላይ ያውላቸዋል» ሲል ተቃዋሚዋ «ሥራ ፈት አይደሉም። ጉሊት ከእናታቸው ጋር የሚቀመጡ፣ ሱቅ የሚጠብቁ፣ ሊስትሮ የሚሠሩ አሉ። ሙሉ ቀን ይማሩ ብትሏቸው ከፈረቃው ሳይሆን ከትምህርቱ ነው የሚቀሩት» አለች። ነጥቡን ገልብጣ ለራሷ አደረገችው።

ከሁሉም የምወደው «ይሁን እንኳ» የሚለውን ነው። ተናጋሪው የሌላውን ነጥብ ለጊዜው ይቀበልና፣ ቢቀበለውም እንኳ የእሱ ወገን ለምን እንደሚያመዝን ያሳያል። የተቃዋሚው ሦስተኛ ተናጋሪ «ይሁን፣ የላብራቶሪ ሰዓት ተገኘ እንበል፤ 90 ልጅ አንድ ጠረጴዛ ከብቦ ሙከራውን ማን ያየዋል?» ቢል፣ ሁለቱን ነጥቦች ሚዛን ላይ አስቀምጦ ለዳኛው አሳየው ማለት ነው። ዳኛው ሊሠራው የነበረውን ሥራ ሠራለት። ይህን የሚያደርግ የሁለተኛ ደረጃ ተማሪ ብዙ አይገኝም። ሲገኝ ነጥቡን አትንፈጉት።

አንድ አደገኛ ቦታ አለ፣ እሱም የመጨረሻው ተናጋሪ ነው። ከእሱ በኋላ የሚናገር የለም። ስለዚህ አዲስ ነጥብ ካመጣ ማንም ሊመልስለት አይችልም፣ እናንተም አትቁጠሩለት። ለተነሳ ነጥብ አዲስ መልስ መስጠት ግን ይፈቀድለታል። የ90ው ነገር ከመጀመሪያው የተነሳ ስለሆነ ከላይ ያለው «ይሁን እንኳ» መልስ ነው፤ ልጁ ተነስቶ «በተጨማሪም ሙሉ ቀን ከሆነ የምሳ ችግር አለ» ቢል ግን አዲስ ነጥብ ነው፣ በአራት ማዕዘን ከብባችሁ እለፉት።

የቡድን ሥራ

እዚህ ላይ መተቃቀፍና መጨባበጥ አይቆጠርም። የምፈልገው ሦስቱ ልጆች አንድ ነገር እያሉ እንደሆነ ነው። የመጀመሪያው የጣለውን መሠረት ሁለተኛው ይገነባበታል? ሦስተኛው የሚጠብቀው ቤት ያንኑ ነው?

የደጋፊው ቡድን በዚህ በኩል ነው የተጎዳው። የመጀመሪያው ተናጋሪ «ከመጪው መስከረም ጀምሮ» ብሎ ነበር። ሁለተኛው ስለ ክፍል እጥረት ሲጠየቅ «መንግሥት ይሠራል» አለ። ሦስተኛዋ ጭንቅ ሲሆንባት «እኛ እኮ በሂደት ነው ያልነው፣ ዘንድሮ 9ኛ ክፍል፣ ከርሞ 10ኛ እያለ ይቀጥላል» አለች። በሂደት የሚለው በጣም ጥሩ ሐሳብ ነበር! ከመጀመሪያው ተናጋሪ አፍ ቢወጣ ኖሮ የ90ውን ነጥብ ግማሹን ያፈርሰው ነበር። በሦስተኛው ንግግር ሲመጣ ግን የራሳቸውን «ከመጪው መስከረም» አፈረሰ። ለብቻው ጥሩ የነበረው ሐሳብ ቡድኑን ጎዳው።

ሌላው የማየው ነገር ጠረጴዛው ነው። አንዱ ሲናገር ሌሎቹ ምን ያደርጋሉ? የሌላውን ቡድን ንግግር እየሰሙ ቁራጭ ወረቀት የሚለዋወጡ፣ ቀጥሎ ለሚነሳው የሚያቀብሉ ከሆነ ቡድን ናቸው። አንደኛው ጎበዝ ሁሉንም ጽፎ ሁለቱ የሚያነቡ ከሆነ ደግሞ አጸፋው ላይ ይታወቃል፤ ያልተዘጋጁበት ጥያቄ ሲመጣ ወደ እሱ ይዞራሉ። ለዚህ ነጥብ ቀንሱ፣ ግን በማብራሪያው ላይ ልጁን በስሙ ጠርታችሁ አታሳፍሩት።

ውሳኔው

የመጨረሻው ተናጋሪ ሲቀመጥ 10 ደቂቃ ውሰዱ። ከሌሎቹ ዳኞች ጋር ሳትነጋገሩ በፊት ውሳኔያችሁን ጻፉ። አንድ ከበድ ያለ ዳኛ ቀድሞ «እነዚህማ አሸነፉ» ካለ ሌሎቹ ሁለቱ ይከተሉታል፣ ሦስት ዳኛ መቀመጡም ትርጉም ያጣል።

ቁጥር ከመስጠታችሁ በፊት ክርክሩ በምን ላይ እንደቆመ በጥያቄ መልክ ጻፉ። ሁለት ወይም ሦስት ጥያቄ ይበቃል። የእኛ ክርክር ሁለት ነበረው። አንድ፣ ሙሉ ቀን ሲሆን ተማሪው የሚያገኘው ትምህርት ይሻላል ወይስ ይብሳል? ሁለት፣ ግማሽ ቀን የሚሠራው ልጅ ምን ይሆናል?

በሁለተኛው ጥያቄ ተቃዋሚው በግልጽ አሸንፏል፤ ከትምህርት ይቀራሉ ለሚለው ቀስት አልተሳበም፣ ደጋፊው አልመለሰም። የመጀመሪያው ከባዱ ነው። የደጋፊው የላብራቶሪ ነጥብ የቀኑ ምርጥ ነጥብ ነበር፣ ተቃዋሚውም ለሁለት ንግግር ሙሉ ዝም ብሎታል። የተቃዋሚው የ90 ነጥብ ደግሞ በባዶ ክህደት ብቻ ነው የተመለሰው። ሁለቱም ቆመዋል። የትኛው ያመዝናል? ይህን ያሳየ አንድ ሰው ብቻ ነበር፣ ያ «ይሁን እንኳ» ያለው ልጅ። ደጋፊው ለምን የእሱ እንደሚያመዝን አልተናገረም። ስለዚህ በጠባብ ልዩነት ተቃዋሚ።

አሁን ቁጥሩን ስጡ። የእኔ ለደጋፊው በመከራከሪያ 30 ከ40፣ በአጸፋ 20 ከ35፣ በቡድን ሥራ 14 ከ25፣ ድምር 64። ለተቃዋሚው 27፣ 26፣ 18፣ ድምር 71። ልብ በሉ፣ በመከራከሪያ የበለጠው የተሸነፈው ነው። እንዲህ መሆኑ ጥሩ ነው፣ እውነቱ ስለሆነ። ሁሉንም መስፈርት ለአሸናፊው የምትሰጡ ከሆነ ውሳኔውን ቀድማችሁ ወስናችሁ ቁጥሩን ከኋላ እያመጣችሁ ነው ማለት ነው።

ድምሩ በጥያቄዎቹ ከወሰናችሁት ጋር ካልገጠመ ቶሎ ቁጥሩን አታስተካክሉ። ወደ ቀስቶቹ ተመለሱ። ብዙ ጊዜ የሚገኘው አንድ ጥፋት ነው፤ ጭብጨባ የበዛለት ልጅ ሳታስቡት 4 እና 5 ነጥብ አግኝቷል። እኛ ክርክር ላይ የደጋፊው ሁለተኛ ተናጋሪ በግጥም ጀምሮ አዳራሹን አናወጠው። ቁጥሬን መልሼ ሳይ ለአጸፋ 24 ሰጥቻቸው ነበር። በእሱ ዓምድ ውስጥ ያለው ቀስት አንድ ብቻ ነው፣ እሱም «መንግሥት ይሠራል» ነው። ወደ 20 አወረድኩት።

ለሁለቱም ቡድን ማስረዳት

ከ5 እስከ 7 ደቂቃ ይበቃል። አሸናፊውን መጨረሻ ላይ ተናገሩ። መጀመሪያ ከተናገራችሁ ግማሹ አዳራሽ ይጮኻል፣ ግማሹ ያኮርፋል፣ ማብራሪያውን የሚሰማ አይኖርም። «ሁለታችሁም ጎበዞች ናችሁ፣ ሁላችሁም አሸናፊ ናችሁ» የሚለውን ተዉት። ልጆቹ ለሳምንታት የተዘጋጁበትን ነገር እንዳልሰማችሁ ነው የሚቆጥሩት። ከማመስገን ይልቅ የተናገሩትን ቃል መልሳችሁ ጥቀሱላቸው። የሰማ ዳኛ በዚያ ይታወቃል።

በፈረቃው ክርክር ቀን የተናገርኩት ይህን ይመስላል፦

«ክርክሩን በሁለት ጥያቄ ነው የመዘንነው። የመጀመሪያው፣ ሙሉ ቀን ሲሆን ትምህርቱ ይሻላል ወይ የሚለው ነው። ደጋፊዎች፣ 'ሙከራውን በሰሌዳ ላይ በሥዕል ነው የምንማረው' ያላችሁት ዛሬ ከሰማናቸው ነጥቦች ሁሉ ጠንካራው ነበር። ተቃዋሚዎች፣ ሁለት ተናጋሪ እስኪያልፍ ዝም ብላችሁታል፣ በዚህ ነጥብ አጥታችኋል። ተቃዋሚዎች '45 የነበረው 90 ይሆናል' አላችሁ። ደጋፊዎች፣ ለዚህ መጀመሪያ 'መንግሥት ይሠራል' አላችሁ፤ መቼና እንዴት አላላችሁም። በኋላ 'በሂደት' አላችሁ፤ ይህ ጥሩ መልስ ነበር፣ ግን የመጀመሪያው ተናጋሪያችሁ 'ከመጪው መስከረም' ብሎ ስለነበር ሁለቱን አብረን መቀበል አልቻልንም። በዚህ ጥያቄ ሁለታችሁም አንድ የቆመ ነጥብ ነበራችሁ። የትኛው እንደሚያመዝን የነገረን ግን የተቃዋሚው ሦስተኛ ተናጋሪ ብቻ ነው። ሁለተኛው ጥያቄ ግማሽ ቀን ስለሚሠራው ልጅ ነበር። ተቃዋሚዎች ከትምህርት ይቀራል አሉ፣ መልስ አልተሰጠም። ስለዚህ በሁለት ድምፅ ለአንድ፣ ውጤቱ ለተቃዋሚው ቡድን ሆኗል።»

ሦስተኛዋ ዳኛ ለደጋፊው ነበር የፈረደችው። ይህን መደበቅ አያስፈልግም። የላብራቶሪው ነጥብ በጣም ዘግይቶ ስለተመለሰ ከ90ው ይበልጣል ብላ ነው፣ እሷም በሁለት ዓረፍተ ነገር ተናገረች። ሦስታችንም ያየነው ያንኑ ክርክር መሆኑን ልጆቹ ሰሙ። የተለያየነው ሚዛኑ ላይ ብቻ ነበር።

ለአሸናፊው ቡድንም የጎደለውን ንገሩት። «አሸንፋችኋል፣ ግን ላብራቶሪውን ሁለተኛዋ ተናጋሪ መልሳው ቢሆን ጠባብ ባልሆነ ነበር» ማለት ይበቃል። ለተሸነፈው ደግሞ አንድ የሚሠራ ነገር ስጡት፣ አምስት አትስጡት። ለደጋፊዎቹ የሰጠሁት «ከመድረክ በፊት ሦስታችሁም እቅዳችሁን በአንድ ዓረፍተ ነገር ጻፉ፣ ሦስቱ ወረቀት አንድ ካልሆነ አትውጡ» የሚለውን ነው። ስለ ድምፅ፣ ስለ አቋቋም፣ ስለ ፍርሃት ያላችሁን አስተያየት ለየልጁ በግል ንገሩት። በማይክ አይደለም።

ተቃውሞ ይመጣል። «ቲቸር፣ ያንን እኮ ብለነዋል!» ይላሉ። ወረቀቱን ይዛችሁ ሂዱና አብራችሁ እዩት። ብለውት ከሆነና ሳትጽፉት ቀርታችሁ ከሆነ፣ «አልያዝኩትም፣ ጥፋቱ የእኔ ነው» በሉ። ውጤቱ ግን ከተነገረ በኋላ አይለወጥም፣ ይህንንም ከመጀመሪያው ደንብ አድርጋችሁ አስታውቁ። ብዙ ጊዜ የሚገኘው ግን ሌላ ነው፤ ልጆቹ ሲዘጋጁ ተነጋግረውበታል፣ ደብተራቸው ላይም አለ፣ መድረክ ላይ ግን አልወጣም።

ቢያንስ 15 ደቂቃ አዳራሹ ውስጥ ቆዩ። ቀስት የተሳበበትን ወረቀት በስልክ ፎቶ ያንሱት፣ የየግል ነጥቡን ግን እጠፉት። የዚያን ቀን መጨረሻ ላይ የቀረው ያ በግጥም የጀመረው ልጅ ነበር። «ግጥሜ አልተቆጠረም ማለት ነው?» አለኝ። ግጥሙ ስንት ደቂቃ እንደወሰደ ጠየቅኩት። አንድ ደቂቃ ገደማ አለ። ዓምዱን አሳየሁት፣ ከ90ው ፊት ለፊት «መንግሥት ይሠራል» ብቻ የተጻፈበትን ቦታ። «በሂደት ነው የሚለውን መልስ እዚህ ጋ ለማስገባት ስንት ሴኮንድ ይበቃህ ነበር?» አልኩት። ትንሽ አሰበና «ሠላሳ» አለ። ከዚያ እስክሪብቶ ለመነኝና ከግጥሙ የትኞቹ ሁለት መስመሮች እንደሚቀሩ እዚያው ቆሞ ማስመር ጀመረ።